ሽንት ሲያቃጥልና ፈሳሽ ሲመጣ፦ መጀመሪያ ናሙና፣ ከዚያ ኪኒን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ከኋላዬ የቆሙት እናት እንዳይሰሙኝ አንገቴን አስግጌ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» አልኩ። ከውስጥ ሱሪዬ ላይ ስላየሁት ቢጫ መግል ትንፍሽ አላልኩም። የፋርማሲው ልጅም አልጠየቀኝም። ሲፕሮ ሰጠኝ።

ሦስት ቀን ዋጥኩ። መግሉ ቀነሰ። ተገላገልኩ ብዬ የቀረውን ኪኒን ተውኩት። በሳምንቱ ጠዋት ጠዋት ቀጭን፣ ውሃ መሰል ጠብታ መምጣት ጀመረ። ያኔ ነው የተመረመርኩት። የላብራቶሪው ወረቀት ነጭ የደም ሴል በብዛት እንዳለ፣ ተህዋሲ ግን እንዳልታየ ይናገራል። ሐኪሟ «ምን ወስደህ ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲህ ጨብጡ ይጥፋ ይደበቅ ይህ ወረቀት አይነግረኝም» አለች።

እኔ በተገላቢጦሽ የሄድኩበትን መንገድ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ልንገርህ።

1. ቀኑን ቁጠር

ያለኮንዶም ከተገናኘህበት ቀን እስከ መጀመሪያው ምልክት ስንት ቀን ሆነ? ጨብጥ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ይዞ። ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ግን ቀስ ይላል፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል፣ ፈሳሹም ቀጭንና ነጣ ያለ ነው። ትሪኮሞናስና ማይኮፕላዝማ የሚባሉት ጀርሞችም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ።

ግን በመልኩ ብቻ አትፍረድ። ጨብጥና ክላሚዲያ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የእኔም ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። «ፀሐይ ላይ ሸንተህ ነው» የሚልህ ጓደኛ ካለ ደግሞ ቡናህን ጨርሰህ ተነስ።

2. ምንም አትዋጥ፣ ሽንትህንም ያዝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጀርሙ ያለው ከሽንት ቧንቧው ግድግዳ ላይ ነው። በሸናህ ቁጥር ታጥበዋለህ። አንቲባዮቲክ ስትወስድ ደግሞ ሳይሞት ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አይታይም። ስለዚህ ናሙና ከመስጠትህ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ከቻልክ 2 ሰዓት አትሽና። እኔ «ላጥበው» ብዬ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ውሃ ጠጥቼ፣ ክሊኒኩ አጠገብ ካለው ካፌ ሸንቼ ነው የገባሁት። ከዚህ የባሰ ዝግጅት የለም።

ሽንት ስጥ ከተባልክም የትኛውን ሽንት እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ለተራው የሽንት ምርመራ «የመጀመሪያውን አፍስሰህ መካከለኛውን ያዝ» ይሉሃል። ክላሚዲያንና ጨብጥን በዘረመል ለሚለየው ፒሲአር ግን ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው የመጀመሪያው ጅረት፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህም የአንድ ቡና ስኒ ግማሽ ያህል ነው። ዕቃውን ጢም አድርገህ ብትሞላው ናሙናው ይቀጥናል።

3. ካርድ አውጥተህ ግባ፣ ለሐኪሙ ግን «ፈሳሽ አለኝ» በል

ይህችን ቃል ከዋጥካት ነገሩ ይበላሻል። «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ብቻ ካልክ ተራ የሽንት ምርመራ ይታዘዝልሃል። እሱ መግል መኖሩን እንጂ የማን መግል እንደሆነ አይለይም። ከዚያ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብለህ የእኔኑ ሲፕሮ ይዘህ ትወጣለህ። ወጣት ወንድ ላይ ፈሳሽና ማቃጠል አብረው ከመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአባላዘር በሽታ ነው።

የምትጠይቀው የፈሳሹን ግራም ስቴይን ነው። ከብልትህ ጫፍ ጠብታ ተወስዶ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ይቀለማል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጫፉ ላይ ፈሳሽ ከሌለ ቀጭን የናሙና ጥጥ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያህል ይገባል። አልዋሽህም፣ ያማል። ግን ቆጥረህ አምስት ሳትደርስ ያልቃል።

በዚያው ደም ሰጥተህ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይሠራልህ። ከተገናኘህ 72 ሰዓት ካላለፈህ ስለ ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በዚያው ጠይቅ።

4. ወረቀቱን አንብብ

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ቅዳሜ ማታ ተገናኝቷል፣ ረቡዕ ጠዋት መግል አየ። «ጋሼ፣ ሲፕሮ ልግዛ?» አለኝ። «ንክች እንዳታደርግ! እንዳትሸና፣ አራት ኪሎ ጠብቀኝ» አልኩት። ታክሲ ውስጥ እግሩን አነባብሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ክሊኒክ ደረስን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ፦ ነጭ የደም ሴል በብዛት፣ ውስጣቸው ደግሞ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ግራም ኔጋቲቭ ክብ ባክቴሪያዎች። ምልክት ባለው ወንድ ላይ ይህ ከታየ ጨብጥ ነው ማለት ይቻላል። ነጭ ሴሉ በዝቶ ጥንዶቹ ባይታዩ ኖሮ ክላሚዲያና ሌሎቹ ይጠረጠሩ ነበር። ግራም ስቴይን ግን ክላሚዲያን ጨርሶ አያሳይም። ስለዚህ ጨብጥ ተገኘ ማለት ክላሚዲያ የለም ማለት አይደለም።

5. ሕክምናው

ሐኪሙ ለልጁ ሴፍትሪያክሶን በመርፌ አዘዘለት። ክላሚዲያን የሚለይ ምርመራ እዚያ ስላልነበረ ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ጨመረለት። መጠኑን ሐኪምህ ይወስን፤ ፔኒሲሊን የማይስማማህ ከሆነም ቀድመህ ንገረው።

ሲፕሮ ለምን አልተሰጠውም? ጨብጥ በብዙ አገሮች ስለለመደው ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2007 ለጨብጥ እንዳይሰጥ አቁማለች። የእኔ መግል የቀነሰው ምናልባት ጀርሙ ስለተዳከመ እንጂ ስለሞተ አልነበረም።

ላብራቶሪ የሌለበት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ሁለቱን በሽታዎች አንድ ላይ ያክምሃል። የታወቀ አሠራር ነው፣ አትጨቃጨቅ። የፒሲአር ውጤት ቀናት የሚፈጅ ከሆነም ናሙናህን ስጥና ሕክምናውን በዚያው ቀን ጀምር። ዋናው ናሙናው ከኪኒኑ መቅደሙ ነው።

ዶክሲሳይክሊንን በብዙ ውሃ ዋጥ፣ ወዲያው አትተኛ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተት ጋርም አትውሰደው። ቆለጥህ ካበጠ ወይም ካመመህ፣ ትኩሳትም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ተመለስ። ሕክምናውን ጨርሰህ ፈሳሹ ካልቆመ ደግሞ የካልቸር ምርመራ ጠይቅ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚነግርህ እሱ ነው።

6. እሷም ትታከም

ባለፉት 60 ቀናት የተገናኘሃቸው ሁሉ መታየት አለባቸው። ሴቶች ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማቸውም። ኪኒንህን አካፍለህ አትስጥ፤ እርጉዝ ከሆነች ዶክሲሳይክሊን አይሰጣትም። ሁለታችሁም ከታከማችሁ በኋላ 7 ቀን እስኪያልፍ መገናኘት የለም። በ3 ወር ደግሞ ለኤችአይቪም ለጨብጥም ድጋሚ ምርመራ አለ።

የአክስቴ ልጅ መርፌውን ተወግቶ ሲወጣ ልጅቷ ጋ መደወል ፈራ። ስልኩን ይዞ ታክሲ ተራው ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመ። በመጨረሻ «ተመርምሬ ጨብጥ ተገኘብኝ፣ አንቺም ታዪ» ብሎ ጻፈላት። በማግስቱ እሷም ካርድ አወጣች።