ስብሰባው ስንት ሰዓት ያበቃል? በጥሪ ወረቀት ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ላይ ስብሰባ የሚጠራ ሰው የአዳማን ነዋሪ ብቻ አይጠራም። ከወንጂ የሚመጣ አለ፣ ከሞጆ የሚመጣ አለ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአሰላ የሚመጣም አለ። የጥሪ መልእክቱ ስልካቸው ላይ ሲገባ እነዚህ ሰዎች መምጫቸው ብዙም አያሳስባቸውም። የሚጨነቁት ስለ መመለሻቸው ነው። ለዚህም ነው ጸሐፊው ጋ ተደውሎ «ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ላይ ትለቁናላችሁ?» የሚባለው። ጥያቄው በተደጋጋሚ ከመጣ ጥሪው ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አባላቱ በአራቱም ከተሞች የሚኖሩ አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር አለ እንበል። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቷል።

መነሻውን ብቻ መጻፍ

«ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ስላለን በሰዓቱ እንድትገኙ።» በብዛት የሚላከው እንዲህ ያለው ነው። ይህን ያነበበ የአሰላ አባል ምን ያውቃል? መቼ መምጣት እንዳለበት ብቻ። ማታ ልጆቹን ማን እንደሚጠብቅለት አያውቅም። ሱቁን ለማን ትቶ እንደሚመጣና አዳማ ዘመድ ቤት ማደር ይኖርበት እንደሆነም አያውቅም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ይቀራል፣ ወይ መጥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥና 10 ሰዓት ሲል ሹልክ ይላል። ሹልክ ማለቱ ደግሞ ጉባኤውን ይጎዳል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እናያለን።

የአጀንዳውን ጊዜ የስብሰባው ጊዜ አድርጎ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው ባይ ነኝ። ማብቂያ ሰዓት የሚጽፉ አዘጋጆችም ይሳሳቱበታል፤ አጀንዳዎቹን ብቻ ደምረው ይጽፋሉና።

የማህበራችን አጀንዳ ይህን ይመስላል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ 10 ደቂቃ፣ የኦዲት ሪፖርት 40 ደቂቃ፣ በብድር ወለድ ላይ ውይይት 45 ደቂቃ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ 40 ደቂቃ። ድምሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው «ከ8:00 እስከ 10:15» ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሰላው ግን የተሰብሳቢው ቀን አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው እስኪመዘገብና ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ 30 ደቂቃ ይሄዳል። ምርቃቱና የመክፈቻ ንግግሩ 10 ደቂቃ ይወስዳሉ። የሻይ እረፍቱ 15 ደቂቃ ተብሎ 20 ይሆናል። በመጨረሻም ሁሉም ተሰልፎ ለትራንስፖርት አበል ይፈርማል፤ ይህም ሌላ 25 ደቂቃ ነው። እነዚህ ብቻቸውን 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ናቸው። በ8:00 የተጠራው ሰው ከአዳራሹ የሚወጣው 11:40 ላይ ነው።

አሁን የአሰላውን አባል እንከተለው። ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ እስኪደርስ 15 ደቂቃ፣ 11:55 ሆነ። ሚኒባሱ የሚወጣው ሲሞላ ስለሆነ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፣ 12:25። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ አሰላ የሚገባው ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ይህም ያን ሰዓት መኪና ካገኘ ነው። ከመሸ ሚኒባሱ ቶሎ አይሞላም። ያልሞላ መኪና ደግሞ ወይ አይንቀሳቀስም፣ ወይ ታሪፉን ያስጨምራል። ባጃጁም «ኮንትራት ካልሆነ» ይላል።

ወሩም ለውጥ ያመጣል። ኅዳር ላይ አዳማ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሐምሌ ላይ ግን እስከ 12:40 ድረስ ትቆያለች። ስለዚህ በሐምሌ ለማንም ያልከበደ ማብቂያ ሰዓት በኅዳር ብዙ ሰው ሊያስመሽ ይችላል። ባለፈው ስብሰባ ሰዓት ላይ ቀኑን ብቻ ቀይሮ የሚልክ ጸሐፊ ይህን ልብ ቢለው ጥሩ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን? «የሚያበቃው» ብለን የምንጽፈው ሰው በሩን አልፎ የሚወጣበትን ሰዓት ይሁን። እሱን ለማሳጠርም መንገድ አለ። የአበል ፊርማውን ወደ መግቢያው ማምጣት ነው። ሻዩንም በዚያው ምዝገባ እየተጠበቀ ማቅረብ። ሁለቱም ያለበለዚያ በሚባክነው የመጀመሪያ 30 ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። አንዳንድ አዘጋጅ አበሉን መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ሰው ተቀብሎ እንዳይሄድ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን በአበል ታስሮ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡ መናኸሪያው ላይ ነው። መቼ እንደሚለቀቅ በትክክል የሚያውቅ ሰው ይሻላል።

በዚህ መልክ ሲስተካከል ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል። ምርጫውንም ከወለዱ ውይይት እናስቀድመው፤ ምክንያቱን በኋላ እናያለን። ጥሪውም እንዲህ ይጻፋል፦

«ቅዳሜ ኅዳር 20 ከሰዓት በኋላ። ምዝገባ፣ ሻይና የትራንስፖርት አበል 7:00። ጉባኤው የሚጀምረው 7:30፣ ከአዳራሹ የምንወጣው 10:00። ከምዝገባ ጋር በጠቅላላ 3 ሰዓት ይፈጃል። ምርጫው ከ8:30 እስከ 9:10 ነው።»

የአሰላው አባል 10:00 ከወጣ 10:45 አካባቢ ጉዞ ይጀምራል። 12:15 ላይ፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች፣ ከተማው ይገባል። የሞጆውና የወንጂው ሰው ደግሞ ከመጨለሙ በፊት ቤታቸው ናቸው።

«ግማሽ ቀን» እና «እስከ ምሳ»

እነዚህ ቃላት ሰዓት አይደሉም። ለአንዱ ምሳ 6 ሰዓት ነው፣ ለሌላው 7 ተኩል። በጾም ወቅት ደግሞ 9 ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አለ። ምሳው በአዘጋጁ ይሁን አይሁንም አይታወቅም። ቁጥር ጻፉ፦ «6:30 ላይ እንወጣለን፣ ምሳ አልተዘጋጀም።» ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጁምዓ ሶላት አለ። የጠዋቱ ስብሰባ 5:30 ላይ ማብቃት አለበት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የሚያርፉት ለዚሁ ነው።

ሁለቱን የሰዓት አቆጣጠሮች ማደባለቅ

በስልክ ካላንደር የሚላኩ ጥሪዎች ይህን ችግር አባብሰውታል። ከአዲስ አበባ ቢሮው የላከው ሰው 9:00 ብሎ የሞላው በፈረንጆቹ ነው፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት። አዳማ ያለው ተቀባይ ግን ከሰዓት 9 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። መነሻው ብቻ ከተጻፈ ስህተቱን የሚያጋልጥ ነገር የለም። «ከ9:00 እስከ 12:30፣ ምሳ ይኖራል» ቢባል ግን አንባቢው ይጠራጠራል። በምሽት 12 ተኩል ምን ምሳ አለ? ብሎ ደውሎ ይጠይቃል።

በፈረንጅም ቆጠሩት በእኛ፣ ርዝመቱ አይቀየርም። ስለዚህ ሁልጊዜ መነሻውን፣ ማብቂያውንና ርዝመቱን ሦስቱንም ጻፉ። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውንም አትርሱ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ካላንደሩ ማብቂያ ካልተሞላለት ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ብሎ ራሱ ይሞላል። ተሰብሳቢው ያንን አምኖ ቀጣይ ቀጠሮውን ይይዛል። የሦስት ሰዓት ስብሰባ ከሆነ ማብቂያውን በእጅ አስተካክሉት።

ዘግይቶ ጀምሮ ማብቂያውን መግፋት

7:30 የተባለው 8:00 ላይ ሲጀመር ሰብሳቢው «እንግዲህ ግማሽ ሰዓት ትታገሡናላችሁ» ይላል። የሚታገሠው ማነው? በሰዓቱ የመጣው የአሰላ ሰው ነው። ለዘገዩት ሲባል መኪናው ያመለጠው እሱ ነው። ማብቂያው ባለበት ይቁምና አጀንዳው ይቀነስ። በምሳሌያችን የወለዱ ውይይት መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው። 45 ደቂቃው ወደ 15 ቢወርድ፣ ቀሪው ለኮሚቴ ተመርቶ በሚቀጥለው ጉባኤ ሊታይ ይችላል። ምርጫውን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

ሹልክ ያለው አባል ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ ማህበር ምርጫን የመጨረሻ አጀንዳ ያደርጋል። 11 ሰዓት አልፎ ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት በእግራቸው የሚገቡት የአዳማ ሰዎች ናቸው። ኮሚቴው በሙሉ ከአንድ ከተማ ይሆንና በኋላ ቅሬታ ይነሳል። መተዳደሪያ ደንቡ የሚጠይቀው ቁጥር ጎድሎ ከተገኘም ምርጫው ራሱ ሊፈርስ ይችላል። ምርጫውን ከኦዲት ሪፖርቱ ቀጥሎ አድርጉት፤ አባሉ ሒሳቡን ሰምቶ ወዲያው ድምፅ ይስጥ። ሰዓቱን ጥሪው ላይ መጻፉ ደግሞ የግድ ቀደም ብሎ መውጣት ያለበት ሰው እንኳ ድምፁን ሰጥቶ እንዲሄድ ይረዳዋል።

መራዘሙ የግድ ከሆነስ? ማብቂያው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይነገር፤ በእኛ ምሳሌ 9:30 ላይ። ሰብሳቢው በስንት ደቂቃ እንደሚራዘም በቁጥር ይናገር፣ የሚቀረው አጀንዳ ድምፅ የሚሰጥበት መሆን አለመሆኑን ይግለጽ፣ መሄድ ያለባቸውም ያለ ይቅርታ እንዲነሱ ይፍቀድ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዱ ለሾፌር ይደውላል፣ ሌላዋ ልጇን ከጎረቤት እንዲያቆዩላት ትነግራለች፣ የአሰላዎቹም ተጠራርተው አንድ ሚኒባስ አብረው ይይዛሉ።