ክቡ ይደፈን ወይስ ክፍት ይተው?

ባሕር ዳር ውስጥ የ8ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ። እንደ "ያንሳል" እና "ይበልጣል" ያሉ ምልክቶች ያሉባቸውን ጥያቄዎች ሲሠሩ ስሌቱ ላይ ጎበዞች ናቸው። ጉዱ የሚመጣው መልሱን የቁጥር መስመር ላይ ሲያሰፍሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ሁለቱንም ስህተት ከሌሎች ልጆችም አውቃቸዋለሁ።

ክቡ ያለቦታው ሲቀመጥ

ጥያቄውን ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ከዘጌ ቡና የሚያመጣ ታንኳ አለ፤ ጭነቱ ከ60 ኪሎ በታች መሆን አለበት። ልጁ x < 60 ብሎ በትክክል ጻፈ። ከዚያ 59 ላይ የተደፈነ ክብ አደረገና ወደ ግራ አሰመረ።

"60 አይገባም አይደል? ከሱ በፊት ያለው 59 ነዋ!" አለኝ።

ችግሩ ቡናውን እንደ ሰው መቁጠሩ ነው። ተሳፋሪ ቢሆን 59 የመጨረሻው ይሆን ነበር፤ ያኔም ቢሆን የሚሣለው ነጠላ ነጠላ ነጥብ እንጂ መስመር አይደለም። ቡና ግን ይመዘናል። 59 ኪሎ ተኩል ይፈቀዳል፣ 59.9ም ይፈቀዳል። ከ60 በታች የመጨረሻው ትልቅ ቁጥር የሚባል የለም።

ስለዚህ ክቡ የሚቀመጠው ድንበሩ ላይ ነው፣ 60 ላይ። ይደፈን አይደፈን ለማወቅ 60ን ራሱን ይተኩ። 60 < 60 ሐሰት ነው፤ ክፍት ይተው። በነገራችን ላይ ክብደት ከዜሮ አያንስም፤ ስለዚህ መስመሩ በግራ በኩል 0 ላይ የተደፈነ ክብ ይዞ ይቆማል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ምልክቱ ሲዞር እኩልነቱ ሲጠፋ

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ልጁ የጻፈው እንዲህ ነበር፦

```
5 − 2x ≤ 11
−2x ≤ 6
x > −3
```

−3 ላይ ክፍት ክብ፣ ቀስቱ ወደ ቀኝ። አቅጣጫው ልክ ነው፣ ክቡ ግን ተሳስቷል።

በኔጌቲቭ ሲካፈል ምልክቱ እንደሚዞር ያውቃል። ለሱ ግን የ"አይበልጥም" ግልባጭ "ይበልጣል" ነው። እሱ ማፍረስ ነው እንጂ ማዞር አይደለም። 2 ከ5 ያንሳል፤ ኔጌቲቭ ስናደርጋቸው −2 ከ−5 ይበልጣል። ቅደም ተከተላቸው ተለዋወጠ። እኩል የነበሩ ቁጥሮች ግን ከዜሮ በቀር በምንም ቢካፈሉ እኩል ናቸው። ስለዚህ ≤ ወደ ≥ ይዞራል፤ ከሥሩ ያለችው ሰረዝ አትነካም። መልሱ x ≥ −3 ነው።

ለማረጋገጥ −3ን ከመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ይክተቱት፣ ከመጨረሻው መስመር አይደለም። 5 + 6 = 11 ይመጣል። 11 ≤ 11 እውነት ነው፤ ክቡ ይደፈን። ቀጥሎ 0ን ይሞክሩ፦ 5 ≤ 11፣ እውነት። ቀስቱ 0 ወዳለበት ይሂድ።

ድንበሩን ሲተኩ ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልመጡ ክቡን ተዉት፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው። ልጁ 5ን በመቀነስ ፋንታ ደምሮ −8 ቢያገኝ ኖሮ 21 ይመጣበት ነበር። 21 ከ11 ጋር አይገጥምም፤ ወደ ሁለተኛው መስመር ይመለሱ።