በር ላይ የማያጣላ የልጅ መጠየቂያ ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል?

ብዙ የፍቺ ስምምነቶች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «አባት ልጁን በወር ሁለት ጊዜ ቅዳሜ ይጠይቃል»። ሲፈረም ሁሉም ደስ ብሎት ይፈርማል። ጠቡ የሚጀምረው በሦስተኛው ወር ነው። የትኛው ቅዳሜ? በስንት ሰዓት? ማን ያመጣዋል?

አንድ ምሳሌ እንያዝ። የስድስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር አዲስ አበባ ይኖራል። አባት አዳማ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን አዲስ አበባ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። «በወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ ቅዳሜ» ጥሩ ይመስላል። ካላንደር ይዛችሁ ቁጠሩት። ጥቅምት 2018 አምስት ቅዳሜ አለው፤ 1፣ 8፣ 15፣ 22 እና 29። አባት 1 እና 15 ላይ ይወስዳል። ቀጣዩ ኅዳር 6 ነው፤ ሦስት ሳምንት ሊጠብቅ ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንዱ በፈረንጆቹ የሚቆጥር ከሆነማ «የመጀመሪያው ቅዳሜ» ራሱ ሌላ ቀን ይሆናል። ስለዚህ መነሻ ቀን ጻፉና በየሁለት ሳምንቱ ቁጠሩ፦

«አባት ከቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በየ14 ቀኑ ልጁን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከአያቱ ቤት ይወስዳል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት እዚያው ይመልሳል።»

አያት ቤት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተገናኙ ነገር ይነሳል፤ አያት ካለች ግን ልጁን አቀብላ በሩን ትዘጋለች። አያት ከሌለች አርብ ከትምህርት ቤት በር መውሰድም ይሠራል። በዚያ ጊዜ አባት እንዲወስደው የተፈቀደለት መሆኑን ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

በዓልን ለብቻው ጻፉ። ለምሳሌ ገና በ2018 ከአባት፣ በ2019 ከእናት፤ ፋሲካ በተቃራኒው። ከዚያ ይህችን ጨምሩ፦ «በዓል ከመደበኛው ቅዳሜ ጋር ሲጋጭ የበዓሉ ተራ ይቀድማል።» ይህች መስመር ስትዘለል ነው ፋሲካ ዋዜማ ላይ ሽማግሌ የሚጠራው። ክረምቱንም እንዲሁ በቀን ከፋፍሉት። መዘግየትም ልክ ይኑረው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ስልክ።

ፈርማችሁ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 113፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚጠያየቁም ይወስናል። ፕሮግራማችሁ በዚያ ውሳኔ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ካልገባ በኋላ የምታስፈጽሙት ፍርድ አይኖርም። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የምትጠቅሱትን አንቀጽ እዚያው አጣሩ።

አሁን ቅዳሜ 3 ሰዓት ሆነ፤ ልጁ የለም እንበል። በር አትደብድቡ፣ አትጩኹ። የተባለውን ግማሽ ሰዓት ጠብቁና አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዛሬ ጥቅምት 15፣ 3 ሰዓት እናትሽ ቤት ደርሻለሁ። ልጁ አልመጣም። የሚመጣበትን ሰዓት አሳውቂኝ።» ስድብ የለም፣ ያለፈ ቂም የለም። ይህን መልእክት ነገ ዳኛ ሊያነበው ይችላል።

አንድ ቀን ትኩሳት ይይዘዋል፣ አንድ ቀን ለቅሶ ይኖራል። ለዚያ ምትክ ቀን ተነጋገሩ። ሦስት ጊዜ ተከታታይ «አሞታል» ከተባለ፣ ምትክ ቀንም ከተከለከለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተሰጠውን ምክንያትና አብሮ የነበረውን ሰው ደብተር ላይ ጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ አባቶች የሚሳሳቱት ቀለብ በማቆም ነው። «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» ይላሉ። ቀለብ የልጁ ነው፤ ስታቆሙት ፍርድ የጣሳችሁ እናንተም ትሆናላችሁ። «ቀለብ ስላልከፈለ አላሳየውም» ማለትም ያው ነው፤ ላልተከፈለ ቀለብ የራሱ አፈጻጸም አለው።

ሽማግሌ ካልፈታው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም አቤቱታ አቅርቡ። የውሳኔውን ግልባጭ፣ መልእክቶቹንና ደብተሩን አያይዙ። «ትከለክለኛለች» ብቻ አይበቃም፤ «ጥቅምት 15፣ ጥቅምት 29 እና ኅዳር 13 አላስረከበችም» በሉ። ፍርድ ቤቱ እምቢ ያለውን ወገን ጠርቶ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እንዲያስረክብም ያዛል። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

እምቢ ያለው ወገን እውነተኛ ስጋት ካለው፣ ለምሳሌ አባት ሰክሮ የሚመጣ ከሆነ፣ ልጁን ዝም ብሎ መደበቅ ያስወቅሳል። እዚያው ፍርድ ቤት ሄዶ ጉብኝቱ ዘመድ ባለበት፣ አዳር ሳይኖረው እንዲሆን ማመልከት ይቻላል። ልጁ ራሱ «አልሄድም» ብሎ ካለቀሰ ደግሞ ጎትቶ መኪና ውስጥ መክተት የለም። አያት ቤት ሁለት ሰዓት አብረው ይዋሉ፣ ምሳ ይብሉ፤ አዳሩ ለሚቀጥለው ተራ ይቆይ፣ ይህንንም በመልእክት ተስማሙ።