በድንገት ከሥራ ሲቀነሱ፦ የስንብት ክፍያን ማስላት፣ ማስከበርና እስከሚቀጥለው ሥራ ማድረስ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ ድርጅቱ በሚሰጥዎት የስንብት ክፍያ ቀጣዩ ሥራ እስኪገኝ መኖር አለብዎት። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ይህን ገንዘብ የሚነኩ ናቸው። የምጠቅሳቸው የሥራ ሕጎች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰዱ ናቸው።

ችግር፦ «በራስዎ ፈቃድ ለቀዋል የሚል ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለወደፊትዎም ጥሩ ነው» ተባሉ

ይህን የሚልዎት ሰው ብዙ ጊዜ ለስምዎ የሚጨነቅ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተ ሰው ከመደበኛው የስንብት ክፍያ በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠው ደግሞ የዚያ ጊዜ ደመወዝ ይከፈለዋል። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ሁለቱንም አያገኝም። አገልግሎቱ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ መደበኛውም የስንብት ክፍያ ሊቀርበት ይችላል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አስመጪ ድርጅት 6 ዓመት የሠራች፣ የወር ደመወዟ 18,000 ብር የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ በታኅሣሥ ተቀነሰች እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 18,000 ብር ይታሰብላታል። ለተቀሩት አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ 6,000 ብር ይጨመራል፤ ድምሩ 48,000 ይሆናል። (ይህ መደበኛ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ ጣሪያው የሚነካው ግን ለረጅም ዘመን የሠራውን ብቻ ነው።) በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን፣ 36,000 ይታከላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣት በዕለቱ ከተሰናበተች ሌላ 36,000። ያልወሰደችው 10 የዓመት ፈቃድ ቀን ካላት፣ በ30 ቀን ሲካፈል 6,000። ጠቅላላው 126,000 ብር ነው።

«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላ ብትፈርም ግን የሚቀራት 48,000ውና የፈቃዱ 6,000፣ በጠቅላላው 54,000 ብር ነው። አንድ ፊርማ 72,000 ብር አሳጣት ማለት ነው።

መፍትሄው የመልቀቂያ ደብዳቤውን አለመጻፍና ድርጅቱ ራሱ ምክንያቱን ገልጾ የስንብት ደብዳቤ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው ላይ «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚል ቃል መኖሩን ያረጋግጡ። «በስምምነት» የሚል ካለ ክርክሩ እዚያው ይጀምራል፤ ከመፈረምዎ በፊት የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ ገደብ አለ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። መጠሪያዎ «ማናጀር» መሆኑ ብቻ ግን የሥራ መሪ አያደርግዎትም፤ የሚታየው የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በእርግጥ የነበረዎት መሆኑ ነው።

ችግር፦ ሳምንታት አለፉ፣ ገንዘቡ አልገባም

ብዙ ጊዜ ሰበቡ «ክሊራንስ አልጨረሱም» ወይም «ፋይናንስ ጋ ነው» የሚል ነው። ክፍያው የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ርክክብዎ ከተጓተተ ጊዜው ሊራዘም ስለሚችል፣ ላፕቶፑንም፣ መታወቂያውንም፣ ቁልፉንም በአንድ ቀን አስረክበው ያስፈርሙ። ከዚያ በኋላ የሚዘገየው ድርጅቱ ነው።

የሰው ሀብት ክፍሉን በስልክ መጎትጎት ማስረጃ አይሆንም። የሚፈልጉትን ገንዘብ በዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ያስገቡና ቅጂው ላይ መቀበላቸውን ያስፈርሙ። ካልሆነ ወደ ክፍለ ከተማዎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ፍርድ ቤቱም ያለ በቂ ምክንያት የዘገየውን አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ነገር ግን ቀኑን ይቁጠሩ፤ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

«ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» የሚለውን ወረቀት ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ አይፈርሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ግን ወዲያው ይጠይቁ፤ ነጻ መብትዎ ነው።

ችግር፦ ገንዘቡ ብዙ መስሎ በሁለት ወር አለቀ

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰዎች የሚያስቡት ከግብር በፊት ባለው ቁጥር ነው። የስንብት ክፍያ ግብር አለበት። ስሌቱ እስኪደርስዎት ከፍተኛውን መጣኔ፣ 35 በመቶ ቀንሰው ያስቡ፤ ከዚያ በላይ ከገባ እሰየው። የሒሳብ ሠራተኛዋ 126,000 ብር በዚህ ጥንቃቄ 81,900 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ እንደ ዕጣ ይታያል፤ ዘመድ ይበደራል፣ ሶፋ ይቀየራል፣ «ልነግድበት» ይባላል። ገንዘቡን ለብቻው ሒሳብ ያስቀምጡና በወሩ መጨረሻ እንደ ደመወዝ ለራስዎ ይላኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በፊት በእጇ ይደርሳት የነበረው 12,490 ብር ያህል ነው። ወጪዋን ወደ 10,200 ብታወርደው 81,900ው ስምንት ወር ያደርሳታል። ፈርማ ለቅቃ ቢሆን ኖሮ ግን 54,000ው በዚያው ስሌት 35,100 ስለሚሆን ከሦስት ወር ተኩል አያልፍም።

ወጪ ሲቀንሱ ዕድሩን አይንኩ፤ የሚያስፈልገው በክፉ ቀን ነው። ዕቁብ ላይ ግን ዕጣ ከደረሰዎት ቀሪው መዋጮ ዕዳ ስለሆነ በወር ወጪዎ ውስጥ ይግባ። ገና ካልደረሰዎት ለዳኛው ሁኔታውን ነግረው ቀደም ብለው መውሰድ ይቻል እንደሆን ይጠይቁ። አከራይ «የስድስት ወር አንዴ ክፈል» ቢል፣ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕጉ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም።

ችግር፦ «በአንድ ወር ሥራ አገኛለሁ» ብለው ነበር፣ ሦስተኛው ወር ገባ

ይህ ስንፍና ላይሆን ይችላል፤ ሂደቱ ራሱ ረጅም ነው። ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ክፍት ይቆያል። ከዚያ ምርጫ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ዋስ ማቅረብ ይከተላል፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ደግሞ ሥራ ከጀመሩ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሁሉም ቢሳካ እንኳ ሁለት ወር ተኩል ይሆናል። እኔ ለስድስት ወር አቅዱ እላለሁ።

የት እንደተሰናከሉ ለማወቅ ጥሪው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆምብዎት ይመልከቱ። ሁለት ወር ሙሉ ለፈተና ካልተጠሩ ችግሩ ያለው ሲቪዎ ላይ ወይም ከልምድዎ በማይገጥም መደብ ላይ በማመልከትዎ ነው። ለፈተና ተጠርተው ለቃለ መጠይቅ ካላለፉ ፈተናውን ይለማመዱ፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪና ኤክሴል ብዙ ጊዜ ይመጣሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከቆሙ የሚጠይቁትን ደመወዝ ይመርምሩ።

አራተኛው ወር ላይ ካልተገኘ፣ አጫጭር የኮንትራት ሥራዎችንና በዝቅተኛ ደመወዝ የሚገኘውን መጀመር ይገባል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ለትንንሽ ነጋዴዎች ወርኃዊ ሒሳብ መዝጋት ትችላለች፤ በሐምሌ የዓመታዊ ግብር ሰሞን ይህ ሥራ ይበዛል። ከዚያ የሚገኘው ወደዚያው ለብቻ ወደተቀመጠው ሒሳብ ይግባ፤ በታኅሣሥ የተቀነሰ ሰው ስምንተኛው ወር ነሐሴ ላይ ያልቃል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ወዲያው ይከተላል።