መጀመሪያ ሁለቱን ዋጋ ይዩ፦ አክሲዮን ሲገዙ ብር የሚንጠባጠብበት ቦታ

ድሬዳዋ ከዚራ ካሉት ባንኮች ወደ አንዱ ገብተው የምንዛሪ ሰሌዳውን ቢያዩ ለአንዱ ዶላር ሁለት ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ ባንኩ የሚገዛበትና የሚሸጥበት። ዶላር ገዝቶ እዚያው መስኮት ላይ መልሶ የሚሸጥ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ያህል ይከስራል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው፤ ብቻ ሰሌዳውን የሚሞሉት ወረፋ የያዙ ገዢዎችና ሻጮች ራሳቸው ናቸው። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ስፕሬድ ይባላል።

ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው አገናኝ ድርጅት ሂሳብ ይክፈቱ። ይህ ወረቀት የመሙላት ጉዳይ ነው፤ ብር የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ስክሪኑ ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ "የመጨረሻ ዋጋ" ነው። እሱ ያለፈ ግብይት እንጂ አሁን የሚሸጥልዎ ዋጋ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተመረቀው በጥር 2017 ነው፤ እንዲህ ባለ አዲስ ገበያ ያ ቁጥር ከቀናት በፊት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይለፉትና ወረፋ የያዙት ገዢዎችና ሻጮች በስንት ዋጋ ስንት አክሲዮን እንዳቀረቡ የሚያሳየውን የትዕዛዝ መዝገብ አገናኙን ይጠይቁ። ለምሳሌ የመጨረሻው ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን መዝገቡ እንዲህ ነው እንበል፦

ሻጮች፦ 20 አክሲዮን በ1,020፣ 15 በ1,035፣ 40 በ1,060
ገዢዎች፦ 10 አክሲዮን በ985፣ 30 በ980፣ 25 በ960

በ1,000 ብር የሚሸጥ ሰው የለም። ስፕሬዱ 35 ብር ነው፤ ከዋጋው 3.5 በመቶ ገደማ። ቢያንስ ያን ያህል ካልጨመረ፣ ገዝተው ሲሸጡ ትርፍ የለም።

ዋጋውን ያህል ብዛቱንም ይዩ። አወዳይ ላይ ሁለት ዙርባ ጫት የሚገዛ ሰው ዋጋ አያንቀሳቅስም፤ አይሱዙ ሊሞላ የመጣ ግን ርካሹን አንስቶ ሲጨርስ ወደ ውድ ሻጭ መሄዱ አይቀርም። ብዙ ገዢና ሻጭ በተቀራረበ ዋጋ የቆመበት ገበያ ሊኩዊዲቲ አለው ይባላል። ከላይ ያለው መዝገብ ሳሳ ያለ ነው።

አሁን ዋናው ስህተት ወደሚሠራበት እንሂድ። 60 አክሲዮን ፈልገው ለአገናኙ ደውለው "በገበያው ዋጋ ግዛልኝ" አሉ። ይህ ማርኬት ኦርደር ነው፤ ትርጉሙ "ዋጋው ምንም ይሁን፣ ብቻ ይገዛ" ማለት ነው። 20ው በ1,020፣ 15ቱ በ1,035፣ የቀረው 25 በ1,060 ይገዛል። ጠቅላላው 62,425 ብር፣ አማካዩ 1,040 ብር ከ42 ሳንቲም ነው። ሁሉንም በ1,020 አገኛለሁ ብለው ቢያስቡ ኖሮ 61,200 ይሆን ነበር። ያቺ 1,225 ብር ስሊፔጅ ትባላለች። ማንም አልሰረቀዎትም፤ መዝገቡ ሳይነበብ ስለታዘዘ ነው። በዚያው ቅጽበት ልሽጥ ቢሉ ደግሞ ገዢዎቹ በየተራ የሚከፍሉት 58,450 ብር ብቻ ነው። ዋጋው ሳይወርድ 3,975 ብር ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ኮሚሽን።

ሳሳ ባለ ገበያ ማርኬት ኦርደር ጨርሶ ባይነካ ይሻላል። በምትኩ "60 አክሲዮን፣ ከ1,025 ብር በላይ እንዳይገዛ" ብለው በጽሑፍ ይዘዙ፤ ይህ ሊሚት ኦርደር ነው። 20ው ወዲያው በ1,020 ይገዛል፣ የቀረው 40 በ1,025 የገዢዎች ወረፋ ራስ ላይ ይቆማል። ችግሩም እዚህ ነው፤ ሻጭ ካልመጣ 40ው ሳይገዛ ይቀራል። ትዕዛዙ ለዕለቱ ብቻ ይሁን ወይስ እስኪሰረዝ ድረስ፣ ሲያዙ አብረው ይወስኑ። ረስተውት የቆየ ትዕዛዝ፣ መጥፎ ዜና በተሰማ ቀን በድሮው ዋጋ ሊያስገዛዎት ይችላል።

ብዙዎች 40ው ሲዘገይባቸው ሊሚቱን በየሰዓቱ ወደ ላይ ይገፉታል። 1,060 ከደረሱ ያው ማርኬት ኦርደር ሆነ፣ ያውም በድካም። የመጨረሻ ጣሪያዎን ከማዘዝዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ አይለፉ። አንድ ጊዜ የሚያዙትም ብዛት የመጀመሪያው ሻጭ ካቀረበው ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ እዚህ ምሳሌ ላይ 20። የተረፈውን አዲስ ሻጭ ሲመጣ ያዙ።

ግዢው ሲያልቅ የሚደርስዎትን ማረጋገጫ ይያዙ። የተከፈለውን ብር፣ ኮሚሽኑን ለይተው፣ ለአክሲዮኑ ብዛት ያካፍሉና ሲያዙ ከነበረው ዝቅተኛ የሻጭ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። አማካዩ ከሊሚትዎ በልጦ ካገኙት ትዕዛዙ በሊሚት አልገባም ማለት ነው፤ የጻፉትን ትዕዛዝ ይዘው አገናኙን ይጠይቁ።