የፊት ክሬም አስመጥቶ ደሴ ላይ ለመሸጥ፦ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የሚደረጉ ምርመራዎች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የመዋቢያ ሱቅ ያለው ነጋዴ በራሱ ስም ዕቃ ለማስመጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ቀኑን አስቀድማለሁ። ከዱባይ ጅምላ ሻጭ ያለ በቂ ምክንያት የረከሰ ክሬም ሲቀርብልዎ፣ ወይ ጊዜው ሊያልፍ ተቃርቧል ወይ ሐሰተኛ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ወረቀቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአስመጪነት ንግድ ፈቃድና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ባለሥልጣኑ ለሚያስመጡት ምርት የሚጠይቀውን ፈቃድ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይጨርሱ።

ቀጥሎ ናሙና ያስልኩ። አንድ ፍሬ አይበቃም፤ ከተለያዩ ካርቶኖች የወጡ ጥቂት ፍሬዎች ይሁኑ። ከእነርሱ ጎን የሚያስቀምጡት አንድ ፍሬ ከታወቀ ወኪል ይግዙ። ከዚያ የባች ቁጥሩን፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ ዕቃ ሁሉ የሚጋራውን ቁጥር፣ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ በቱቦው ጫፍ ወይም በጠርሙሱ ሥር ይታተማል፤ በማሸጊያው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ ዕቃው ተቀይሯል ወይም እንደገና ታሽጓል ማለት ነው። ሐሰተኛ አምራች ግን እውነተኛ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው፦ ቀዩም፣ ሮዙም፣ ቡናማውም ሊፒስቲክ አንድ ዓይነት የባች ቁጥር ከያዙ ይጠንቀቁ። እያንዳንዱ ቀለም የሚመረተው ለየብቻው ነው።

ባርኮድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የሚነግሩት ቁጥሩ በየትኛው አገር እንደተመዘገበ ነው እንጂ ዕቃው የት እንደተሠራ አይደለም። በፈረንሳይ ቁጥር የሚጀምር ዕቃ ሌላ አገር ሊመረት ይችላል።

ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ክሬሙ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 36 ወር ይቆያል እንበል፤ ሲገዙት 20 ወር ሆኖታል። ክፍያው፣ ጉዞውና የጉምሩኩ ሥራ 4 ወር ቢወስድ፣ ሱቅ ሲደርስ የቀረው 12 ወር ነው። ሙሉውን ጭነት ለመሸጥ 10 ወር የሚፈጅብዎ ከሆነ፣ መጨረሻ የሚገዛው ደንበኛ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረውን ክሬም ይዞ ይሄዳል። ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ ምልክት ውስጥ 12 ቁጥር ከኤም ፊደል ጋር ካዩ፣ ያ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት 12 ወር ነው። የሱቅ ዕድሜ አድርጎ የሚያስረዳዎትን ሻጭ አይመኑ።

ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ላይ የበለጠ ይጨክኑ። የይዘት ዝርዝሩ ካሎሜል ወይም መርኩሪ የሚል ቃል ካለው፣ ወይም ከወርቅና ከብር ጌጥ ያርቁት የሚል ማስጠንቀቂያ ከተጻፈበት፣ ሜርኩሪ አለበት ብለው ይተዉት። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ክሎቤታሶል ያለበት ደግሞ መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም። የይዘት ዝርዝር ጭራሽ የሌለውን ለመመርመር ጊዜ አያባክኑ።

አሁን ወደ ጉምሩክ። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምሮ ነው፤ ከዚያ አንዱ ግብር በሌላው ላይ ይደራረባል። 1,000 ቱቦ በጠቅላላው 200,000 ብር ወጣበት፣ ኤክሳይዝ ታክስ የለበትም፣ የቀረጥ ልኩም 35 በመቶ ነው እንበል። ቀረጡ 70,000 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በ270,000 ላይ ሲሰላ 40,500 ነው። ሱር ታክስ 10 በመቶ በ310,500 ላይ 31,050 ይመጣል። የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና ቅድመ ግብር እያንዳንዳቸው በ200,000 ላይ 3 በመቶ ቢሆኑ 12,000 ይጨምራሉ። ድምሩ 153,550 ብር ነው፤ 200 ብር የነበረው ቱቦ ከመጋዘን ኪራይና ከጭነት በፊት ከ353 ብር በላይ ሆነ። ቅድመ ግብሩና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ኋላ የሚወራረዱ ቢሆኑም ዕቃው ሲወጣ ገንዘቡ በእጅዎ መኖር አለበት። ጉምሩክ ያቀረቡትን ዋጋ ካልተቀበለ ራሱ ይተምናል፤ ትክክለኛውን ልክ በታሪፍ መጽሐፉ ከጉምሩክ አስተላላፊዎ ጋር አስቀድመው ያጣሩ። ሽቶን በተለይ ለኤክሳይዝ ይፈትሹ።

የማይታየው ወጪ ሙቀቱ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ በረሃ አቋርጦ ነው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ ይብሳል። ከተቻለ በጥቅምትና በየካቲት መካከል ያስጭኑ። ሲደርስ ከጣሪያው ጥግ፣ ከመሃልና ከወለሉ ካርቶን ይክፈቱ። ሊፒስቲኩ ላይ የዘይት ጤዛ ካዩ፣ ክሬሙ ውኃና ቅባት ሆኖ ከተለየ ወይም ሽታው ከናሙናው ከተለወጠ፣ ሳይረከቡ ፎቶ አንሥተው ለኢንሹራንሱና ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ለዚህ ሲባል ከናሙናዎቹ አንዱን ሳይከፍቱ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያቆዩት።

ባቲ ገበያ ላይ ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብልዎ ዕቃ ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱንም አላለፈም። ቢወረስብዎ የሚከሱት ሻጭም፣ የሚያሳዩት ወረቀትም የለዎትም።