ማብሪያው ሲዘጋ የትኛው አምፖል ይበራል? የሰርኪዩት ስዕልን በቀለም እርሳስ ማንበብ

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። የሰርኪዩት ስዕል ላይ ስንደርስ አብዛኞቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ማብሪያው ከአምፖሉ ጎን በትይዩ ሲሳል። ማብሪያ በተዘጋ ቁጥር አምፖል ይበራል ብለው ስለለመዱ፣ ሲዘጋ አምፖል የሚያጠፋ ማብሪያ ሲገጥማቸው ግራ ይገባቸዋል። እዚያ ቦታ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መጀመሪያ ምልክቶቹ። ክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት ካለ አምፖል ነው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር መስመር ጎን ለጎን ከቆሙ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ረጅሙ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ኔጌቲቭ። ሁለት ሽቦዎች ሲተላለፉ መገናኛው ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ተያይዘዋል። የማብሪያው ምላስ ወደ ላይ ተነስቶ ከተሳለ ክፍት ነው፤ ኮረንቲ አያልፍም። ከገጠመ ዝግ ነው፤ ያልፋል። ከቧንቧ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይፈሳል፣ ማብሪያ ሲከፈት ግን ኮረንቲ ይቆማል።

አሁን ወረቀት አውጡና ይህን ሳሉ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ተከታትለው፣ በድምሩ 3 ቮልት። ከፖዘቲቩ ተነስታችሁ መጀመሪያ ማብሪያ 1ን፣ ቀጥሎ አምፖል ሀን ሳሉ። ከሀ በኋላ ሽቦው ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል። አንደኛው ላይ አምፖል ለ ብቻ አለ። ሁለተኛው ላይ አምፖል ሐ እና ማብሪያ 2 ተከታትለዋል። ሦስተኛው ላይ ማብሪያ 3 ብቻ ነው፤ አምፖል የለበትም። ሦስቱ ቅርንጫፎች ታች ይገናኙና ወደ ኔጌቲቩ ይመለሳሉ። አምፖሎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ጥያቄው "ማብሪያ 1 እና 3 ቢዘጉ፣ 2 ክፍት ቢሆን የትኛው ይበራል?" ነው እንበል። ስዕሉን እንዳለ እያያችሁ አትገምቱ። ለዚያ ጥያቄ ብቻ አዲስ ስዕል ሳሉ። ዝግ የሆነውን ማብሪያ በተራ መስመር ተኩት። ክፍት የሆነውን አጥፉትና ቦታውን ባዶ ተዉት። ከዚያ መጨረሻው ተቆርጦ የቀረ ቅርንጫፍ ካለ ከነአምፖሉ ሰርዙት፤ መመለሻ የሌለው መንገድ ላይ ኮረንቲ አይሄድም። በዚህ ብቻ ሐ ወጣ ማለት ነው፤ አይበራም።

ቀጥሎ የቀለም እርሳስ ይምጣ። ይህ ደረጃ ነው ዋናው። ደንቡ አንድ ነው፦ በሽቦ ብቻ የተገናኘ ነገር ሁሉ አንድ ቀለም ይቀባል፤ አምፖል ወይም ባትሪ ላይ ስትደርሱ ቀለሙ ይቆማል። ከፖዘቲቩ በቀይ ጀምሩ። ማብሪያ 1 ዝግ ስለሆነ ቀዩ ያልፍና አምፖል ሀ ጋ ይቆማል። ከሀ ማዶ በሰማያዊ ጀምሩ። ሰማያዊው መገንጠያው ላይ ደርሶ ወደ ለ ራስ ይሄዳል። በማብሪያ 3 በኩልም ይወርዳል፤ ዝግ ነውና አያቆመውም። ታች ይደርስና ወደ ኔጌቲቩ ይሄዳል፣ ደግሞም ከታች ወደ ላይ ተመልሶ የለን እግር ይነካል።

አሁን አምፖሎቹን አንድ በአንድ እዩ። ሀ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ነው፤ ይበራል። ለ ግን በሁለቱም ጎኑ ሰማያዊ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የቮልት ልዩነት የለም ማለት ነው። ልዩነት ከሌለ የሚገፋ የለም፣ ስለዚህ ለ አይበራም።

አንዲት ተማሪዬ እዚህ ላይ "ቲቸር፣ ኮረንቲ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ነው አይደል?" አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ እኔ ግን ይህን አቋራጭ አልወደውም። ኮረንቲ አይመርጥም፣ በተከፈተለት መንገድ ሁሉ ይከፋፈላል። ጠበብ ባለው ያነሰ፣ ሰፋ ባለው የበዛ ይሄዳል። ባዶ ሽቦ ከአምፖል ጋር ሲወዳደር የሚያግደው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ኮረንቲው ከሞላ ጎደል በሙሉ በሽቦው ያልፋል፤ ለለ የሚተርፈው የአምፖሉን ክር አያግለውም። "ቀላሉን ይመርጣል" ብሎ የያዘ ልጅ፣ ማብሪያ 1 እና 2 ተዘግተው 3 ሲከፈት ለ እና ሐ ለምን ሁለቱም እንደሚበሩ ማስረዳት ያቅተዋል።

ይህኛውንም ቀለም ቀቡት። ማብሪያ 3 ስለተከፈተ ሰማያዊው ታች አይደርስም፤ ከኔጌቲቩ በኩል ያለው አረንጓዴ ይሆናል። ለ እና ሐ ሁለቱም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ናቸው። ሦስቱም አምፖሎች ይበራሉ ማለት ነው።

ድምቀታቸው ግን እኩል አይደለም። ማብሪያ 1 ብቻ ሲዘጋ ሀ እና ለ 3ቱን ቮልት እኩል ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 1.5። "ሀ ፖዘቲቩ አጠገብ ስላለ ቀድሞ ይወስዳል" የሚባለው ስህተት ነው፤ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ አንድ ነው። ማብሪያ 2ን ስትጨምሩ ሀ ወደ 2 ቮልት ከፍ ይላል፣ ለ እና ሐ 1 ቮልት ይቀራቸዋል። ሐን ማብራት ሀን ያደምቃል፣ ለን ያደበዝዛል። ማብሪያ 3 ሲዘጋ ደግሞ ሀ 3ቱንም ቮልት ብቻውን ይወስዳል። ቁጥሮቹ ለወረቀት ስዕል ናቸው፤ እውነተኛ የአምፖል ክር ሲግል ኮረንቲን የማገድ አቅሙ ስለሚጨምር በመለኪያ ትንሽ ይለያሉ።

በእጃችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የድሮውን፣ ክር ያለውን የእጅ ባትሪ አምፖል ፈልጉ። ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። ነጩ ኤል ኢ ዲ ብቻውን ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግ፣ ሁለት አከታትላችሁ በሁለት ድንጋይ ብትሞክሩ አይበሩም፤ ስዕሉን የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል። በሀ ቦታ ባዶ ሽቦ ካገናኛችሁ ማብሪያ 3ን በፍጹም አትዝጉ። ያኔ የባትሪው ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ይገናኛል፣ ሾርት ይሆናል፤ ሽቦው ይግላል፣ ድንጋዩም ቶሎ ያልቃል። በቤት 220 ቮልት ይህን መሞከር እሳትና ሞት ያመጣል።

የሠራችሁት ከስዕሉ ጋር ካልገጠመ ማብሪያ 3 ራሱ መመርመሪያ ይሆናችኋል። ማብሪያ 1ን ብቻ ዝጉ። ሀም ለም ካልበሩ 3ን ዝጉ። ሀ ከበራ የተቃጠለው ወይም ያልጠበቀው ለ ነው። አሁንም ጨለማ ከሆነ ችግሩ ሀ፣ ድንጋዩ ወይም ማብሪያ 1 ጋ ነው። 1 እና 2 ተዘግተው ለ ቢቃጠል ግን ሀ እና ሐ መብራታቸውን ይቀጥላሉ። ጣና ዳር ባሉት መዝናኛዎች ከዛፍ ዛፍ የሚዘረጉትን አምፖሎች ማታ ስታልፉ እዩ፤ አንዱ ተቃጥሎ ሌሎቹ ሲበሩ ካያችሁ፣ እያንዳንዱ የተንጠለጠለው በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች መካከል ነው።